የቅርንጫፍ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ሲመረመር ስለሚጻፍ የውስጥ ኦዲት ማስታወሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የሚከተሉት አንድ ምሳሌ ነው፦ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት አንድ ቅርንጫፍ ያቀረበው የመጋቢት 2017 የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው።

ማስታረቂያው ላይ የሚታይ ልዩነት ሁሉ "ያልታረቀ" ይባላል?

አይባልም። የቅርንጫፉ ሌጀርና የባንኩ ስቴትመንት በወር መጨረሻ እኩል አለመሆናቸው የተለመደ ነው። ዛሬ ተጽፎ ለአቅራቢ የተሰጠ ቼክ ከሌጀር ዛሬውኑ ይቀነሳል፤ ባንኩ ግን የሚቀንሰው ቼኩ ሲቀርብለት ነው። አመሻሹ ላይ የተሰበሰበ የሽያጭ ገንዘብም ሌጀር ላይ በዕለቱ ይመዘገብና ባንክ የሚገባው በማግስቱ ይሆናል። እንዲህ ያለው ልዩነት ጊዜ የፈጠረው ስለሆነ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይዘጋል።

ያልታረቀ የሚባለው ምክንያት ያልቀረበለት፣ ወይም የቀረበለት ምክንያት በሰነድ ሲፈተሽ ያልቆመ ልዩነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማስታረቂያው ላይ ስም ተሰጥቶት መዘርዘሩ ብቻ አንድን ልዩነት የታረቀ አያደርገውም። "ባንክ ገብቶ ስቴትመንት ላይ ያልታየ ገቢ" ተብሎ የተጻፈ 80,000 ብር፣ ባንክ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪገኝለት ድረስ ያልታረቀ ነው።

ምርመራው ከየትኞቹ ሰነዶች ይጀመር?

ከስቴትመንቱ። ስቴትመንቱ ግን ማስታረቂያውን ካዘጋጀው ሠራተኛ እጅ መወሰድ የለበትም፤ ኦዲት ክፍሉ ራሱ ከባንኩ ይጠይቀው። ፎቶ ኮፒ ላይ ቁጥር መቀየር ቀላል ነው፣ በኮምፒውተር የተላከ ፋይል ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የሚመረመረው ወር ስቴትመንት ብቻውንም አይበቃም። የሚቀጥለው ወር ቢያንስ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት አብሮ ይምጣ፤ "በቀጣዩ ወር ይታያል" የተባለው ነገር በእርግጥ መታየቱ የሚረጋገጠው በእሱ ነውና።

ቀጥሎ የቼክ ጉርዶች፣ የክፍያ ቫውቸሮች ከነአባሪዎቻቸው፣ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ጥራዞች፣ የባንክ ማህተም ያረፈባቸው የገቢ ማድረጊያ ስሊፖችና የየካቲት ወር ማስታረቂያ ይሰበሰባሉ። የየካቲቱን ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። እዚያ የተዘረዘረ እያንዳንዱ ቼክና ገቢ በመጋቢት ስቴትመንት ላይ መታየት አለበት፤ ካልታየ ደግሞ የመጋቢት ዝርዝር ላይ መኖር አለበት። ከሁለቱም የጠፋ ካለ በወሩ መሀል አንድ ሰው ዝርዝሩን ነካክቶት ሊሆን ይችላል።

ሌጀሩ በኢትዮጵያ ቀን፣ ስቴትመንቱ በፈረንጅ ቀን ነው። ምን ያስቸግራል?

ሐሰተኛ ልዩነት ያመጣል። መጋቢት 2017 ማለት ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2025 ድረስ ነው። ቅርንጫፉ "የማርች ስቴትመንት ስጡን" ብሎ ከማርች 1 እስከ 31 ያለውን ከወሰደ፣ ከሌጀሩ ጋር የሚያስተያየው ከወጪ ቀሪ በስምንት ቀን ወደኋላ የቀረ ነው። በእነዚያ ስምንት ቀናት ባንኩ የከፈላቸው ቼኮች ሁሉ "ለባንክ ያልቀረቡ" ሆነው ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ከተለመደው በጣም ረዝሞ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

በሌሎች ወራትም ቀኑን በቃል ከማስላት ካሌንደር ከፍቶ ማየት ይሻላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል። ነሐሴ ሲዘጋም የጳጉሜን ቀናት ከየትኛው ወር ጋር እንደሚታረቁ አስቀድሞ ተወስኖ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ። የምርመራውን መዝጊያ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ልዩነቱ 1,150 ብር ብቻ ነው። ለዚህም ማስታወሻ ይጻፋል?

የተጣራ ልዩነት ትንሽ ነው ማለት ስህተቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በምሳሌያችን ቅርንጫፉ ያቀረበው የሌጀር ከወጪ ቀሪ 1,179,400 ብር፣ የተስተካከለው የባንክ ከወጪ ቀሪ ደግሞ 1,178,250 ብር ነው። 1,150 ብሩ "ልዩ ልዩ፣ በሚቀጥለው ወር የሚጣራ" ተብሎ ታልፏል። ስቴትመንቱና ሌጀሩ መስመር በመስመር ምልክት እየተደረገባቸው ሲነጻጸሩ ግን ጥንድ ያጡ ሦስት ነገሮች ወጡ።

አንደኛው፣ ባንኩ የቆረጠውና ቅርንጫፉ ያልመዘገበው 2,350 ብር የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው፣ ለአቅራቢ የተከፈለ ቼክ ነው፤ ባንኩ 84,500 ብር ከፍሎበታል፣ ሌጀሩ ግን 48,500 ይላል። ቁጥሩ ተገላብጦ ነው የተጻፈው፤ 36,000 ብር ከሌጀር ሳይቀነስ ቀርቷል። ሦስተኛው፣ ደንበኛ በቀጥታ ወደ ሂሳቡ ያስተላለፈውና ደረሰኝ ያልተቆረጠለት 37,200 ብር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌጀሩን ከእውነቱ በላይ በ38,350 ብር አሳብጠውታል፣ ሦስተኛው ደግሞ በ37,200 ብር አሳንሶታል። 1,150 ብር የእነዚህ ማካካሻ ትራፊ ነው። እርስ በርሳቸው ጭራሽ የማይገናኙ ሦስት ጉዳዮች በአንድ ትንሽ ቁጥር ተሸፍነው ነበር።

ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የተጣራ ልዩነት ብቻ አይጻፍ። እያንዳንዱ በየራሱ መጠን፣ ሌጀሩን ጨምሮት ይሁን ቀንሶት ተለይቶ ይቅረብ።

ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጧል ይባላል። ሁልጊዜ ይሠራል?

የተገላበጠው ቁጥር ብቻውን ሲቆም ፍንጭ ይሆናል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። 84,500 ሲቀነስ 48,500 እኩል 36,000፤ ለ9 ሲካፈል 4,000 ይመጣል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 እኩል ይካፈላል። 1,150 ግን አይካፈልም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ተቀላቅለውበታልና። በተጣራ ልዩነት ላይ ብቻ ይህን ፈትሾ "የቁጥር መገላበጥ የለም" ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

መገላበጡ ከተገኘ በኋላም ሥራው አላለቀም። የቅርንጫፉ ሠራተኛ "ሲመዘገብ ተሳስቶ ነው" ማለቱ ሊበቃን አይገባም። የአቅራቢው ደረሰኝ፣ የጸደቀው ቫውቸርና የቼኩ ጉርድ ይውጡ። ሦስቱም 84,500 ካሉ የምዝገባ ስህተት ነው፤ በምሳሌያችንም የተገኘው ይህ ነው። ቫውቸሩና ጉርዱ 48,500 ሆነው ባንኩ 84,500 ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ግን የተከፈለው ቼክ ምስል ከባንኩ ተጠይቆ ሰርዝ ድልዝ ወይም የተጨመረ ቃል እንዳለበት መታየት ነበረበት። በዚያን ጊዜ ጉዳዩ የሚሄደው በመጨረሻው ጥያቄ በተገለጸው መንገድ ነው።

"ገንዘቡ በቀጣዩ ወር ባንክ ገብቷል" ከተባለ ግኝቱ ይዘጋል?

መግባቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ፣ በማንና በምን መልክ ገባ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቅርንጫፉ ስቴትመንት ላይ ያልታየ ገቢ ብሎ 212,000 ብር ዘርዝሯል። ከዚህ ውስጥ 132,000 ብሩ መጋቢት 30 የተሰበሰበ ሽያጭ ሲሆን በማግስቱ ሚያዝያ 1 ባንክ ገብቷል። ይህ ጤናማ ነው።

ቀሪው 80,000 ብር ግን ደረሰኝ የተቆረጠለት መጋቢት 6 ነው። ስቴትመንት ላይ የታየው ሚያዝያ 2፣ ማለትም ከ26 ቀን በኋላ ነው። ጥሬ ገንዘብ ባንክ መስኮት ላይ ከተሰጠ በዚያው ዕለት ወይም በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሂሳቡ ላይ ይታያል እንጂ 26 ቀን መንገድ ላይ አይቆይም። ስሊፑ ሲገለጥ የባንኩ ማህተም ሚያዝያ 2 ይላል። እንግዲህ መጋቢት 30 ላይ ገንዘቡ "ወደ ባንክ በመሄድ ላይ" አልነበረም። አንድ ሰው እጅ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ይፈተሻል። የመጀመሪያው፣ ከመጋቢት 6 እስከ ሚያዝያ 2 ያሉት የየዕለቱ የካዝና ቆጠራ ቅጾች ናቸው። ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ከነበረ ቅጾቹ ላይ ትርፍ 80,000 ብር መታየት አለበት። ካልታየ ገንዘቡ ካዝናም ባንክም አልነበረም። ሁለተኛው፣ ሚያዝያ 2 የገባው ምን እንደሆነ ነው። የመጋቢት 6 ደንበኛ የከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሆኖ ሚያዝያ 2 የገባው የሌላ ደንበኛ ቼክ ከሆነ፣ የፊተኛው ጉድለት በኋለኛው ገቢ እየተሸፈነ ነው። ያኔ የሚጠየቀው የኋለኛው ደንበኛ ክፍያ የት እንደደረሰ ነው። ደረሰኝና ስሊፕ በጠቅላላ ድምር ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በመጠንና በክፍያ ዓይነት የሚመሳከሩት ለዚህ ነው።

ከስድስት ወር በላይ ለባንክ ሳይቀርብ የቆየ ቼክስ?

በንግድ ሕጉ ቼክ ለክፍያ መቅረብ ያለበት በስድስት ወር ውስጥ ነው። ቅርንጫፉ ከዘረዘራቸው 318,400 ብር ያልቀረቡ ቼኮች ውስጥ አንዱ፣ 46,900 ብር፣ የተጻፈው መስከረም 8 ቀን 2017 ነው። መጋቢት 30 ላይ ጊዜው አልፎበታል፤ በየወሩ ከዝርዝር ወደ ዝርዝር ሲገለበጥ ነው የኖረው።

መጀመሪያ ቼኩ የት እንዳለ ይጠየቅ። ለተከፋዩ ሳይሰጥ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ተሰጥቶ ከሆነ ተከፋዩ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ቼኩ ጠፍቶበት ይሆናል፣ ወይም ለዚያው ዕዳ በሌላ ቼክ ተከፍሎት ይሆናል። ሁለት ጊዜ የመክፈል አደጋ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ የአቅራቢው ሂሳብ ካርድ ይታይ። ክፍያው ለባንኩ በጽሑፍ እንዲታገድ ከተደረገ በኋላ ገንዘቡ ወደ ባንክ ሂሳብና ወደ ተከፋይ ሂሳብ ይመለሳል። "ማንም አልጠየቀንም" ተብሎ ወደ ልዩ ልዩ ገቢ መወሰድ የለበትም። ዕዳው ቼኩ ስላረጀ ብቻ አይጠፋም።

ሁሉም ከተፈተሸ በኋላ ማስታረቂያው ምን ይመስላል?

ያልተገባው 80,000 ብር ከገቢ ዝርዝሩ፣ ያረጀው 46,900 ብር ደግሞ ከቼክ ዝርዝሩ ሲወጡ ሥዕሉ እንዲህ ይለወጣል፦

| | ቅርንጫፉ ያቀረበው | ከምርመራው በኋላ |
|---|---|---|
| የስቴትመንት ከወጪ ቀሪ | 1,284,650 | 1,284,650 |
| ሲደመር፦ ያልታየ ገቢ | 212,000 | 132,000 |
| ሲቀነስ፦ ያልቀረቡ ቼኮች | 318,400 | 271,500 |
| የተስተካከለ የባንክ ከወጪ ቀሪ | 1,178,250 | 1,145,150 |
| የሌጀር ከወጪ ቀሪ | 1,179,400 | 1,179,400 |
| ልዩነት | 1,150 | 34,250 |

1,150 ብር ተብሎ የቀረበው ልዩነት በእርግጥ 34,250 ብር ነው። ይህ ሠንጠረዥ ማስታወሻው ላይ ከግኝቶቹ በፊት ቢቀመጥ፣ ጊዜ የሌለው ኃላፊም ጉዳዩን በአንድ እይታ ይረዳዋል።

ማስታወሻው ለማን ይጻፋል? ግኝቱስ በምን ቋንቋ?

በተለመደው አሠራር ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ይጻፍና ለፋይናንስ ኃላፊውና ለኦዲት ክፍል ኃላፊው ግልባጭ ይደረጋል። ሁለት ገጽ ይበቃዋል፤ ማስረጃው በአባሪ ይሂድ። እያንዳንዱ ግኝት የታየውን፣ መሆን የነበረበትን፣ መንስኤውን፣ ያስከተለውን ወይም ሊያስከትል የሚችለውንና የሚወሰደውን እርምጃ ይዞ ይቀርባል። የሰው ባሕርይ የሚገልጽ ቃል አይግባበት። "ቸልተኛ"፣ "ኃላፊነት የጎደለው" የሚሉት ቃላት ማስረጃ የላቸውም፤ ቀንና ቁጥር ግን አላቸው። የ80,000 ብሩ ግኝት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

> ግኝት 1፦ መጋቢት 6 ቀን 2017 በገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ (አባሪ 1) በጥሬ ገንዘብ የተሰበሰበ ብር 80,000 ባንክ የገባው ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ነው (አባሪ 2፣ የባንክ ማህተም ያለበት ስሊፕ)። የድርጅቱ የገንዘብ አያያዝ መመሪያ የዕለት ገቢ በማግስቱ ባንክ እንዲገባ ያዛል። ገንዘቡ በእነዚህ 26 ቀናት የነበረበትን ቦታ የሚያሳይ ሰነድ አልቀረበልንም፤ በየዕለቱ የካዝና ቆጠራ ቅጾችም ላይ አይታይም (አባሪ 3)። ገንዘቡን የሚሰበስበውና ማስታረቂያውን የሚያዘጋጀው አንድ ሠራተኛ መሆኑ መዘግየቱ ሳይታወቅ እንዲቆይ አድርጓል። ገንዘቡ የነበረበትን ቦታ የሚገልጽ ጽሑፋዊ ምላሽ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ፣ ሁለቱ ሥራዎችም ለተለያዩ ሠራተኞች እንዲሰጡ እናሳስባለን።

መመሪያው ስለ ማግስቱ ምንም የማይል ከሆነ ያንን ዓረፍተ ነገር አይጻፉት። ግኝቱ ራሱ የመመሪያው ክፍተት ይሆናል።

የማስተካከያ ምዝገባውን ኦዲተሩ ራሱ ቢሠራው ምን አለበት?

የመዘገበውን መልሶ መመርመር አይችልም። ኦዲተሩ የሚያደርገው ሊመዘገብ የሚገባውን በሐሳብ ደረጃ ማቅረብ ነው፤ አዘጋጅቶ የሚመዘግበውና የሚያጸድቀው ፋይናንስ ነው። በምሳሌያችን የአገልግሎት ክፍያው 2,350 ወደ ወጪ፣ የቼኩ 36,000 ወደ አቅራቢው ሂሳብ ዴቢት ሆነው ባንክ ክሬዲት ይደረጋል። 37,200 እና 46,900 ባንክን ዴቢት አድርገው፣ አንዱ በደንበኛው፣ ሌላው በተከፋይ ሂሳብ ክሬዲት ይያዛሉ። 80,000 ብሩ መጋቢት 30 ላይ ባንክ ስላልነበረ ከባንክ ወጥቶ በገንዘብ ያዡ ስም ተሰብሳቢ ይሆናል፤ ሚያዝያ 2 በገባው ገንዘብ የሚዘጋውም የገባው ያው ገንዘብ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

በቀጥታ ስለተላለፈው 37,200 ብር ጥንቃቄ ያሻል። የከፋዩ ስም ስቴትመንቱ ላይ ካልተብራራ ባንኩ ይጠየቅ። ደንበኛው ዕቃ ወስዶ ከሆነ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ ነው፤ የታክስ ጉዳይ ስለሚያስከትል ራሱን የቻለ ግኝት ይሁን። ዕቃው ካልወጣ የቅድሚያ ክፍያ ነው።

ቅርንጫፉ ማስታወሻው ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም ቢያስተካክል ግኝቱ ይሰረዝ?

አይሰረዝም። ግኝቱ በምርመራው ቀን የታየው ነው። ከሥሩ "በዚህ ቀን በዚህ ቫውቸር ታርሟል፣ አይተን አረጋግጠናል" ተብሎ ይጨመርበታል። ለቅርንጫፉም ፍትሐዊ ነው፣ ለአንባቢውም ሙሉ ነው። በቃል "አስተካክለናል" ሲባል ግን አይበቃም፤ ምዝገባው ሌጀር ላይ ይታይ። ነባሩ ማስታረቂያ በአዲስ ተተክቶ እንዳይጠፋም መጀመሪያ የተፈረመበት ቅጂ ኦዲት ክፍሉ ዘንድ ይቀመጥ።

ገንዘብ መጥፋቱን ብንጠረጥርስ? በዚሁ ማስታወሻ ይጻፍ?

አይጻፍ። መደበኛው ማስታወሻ ለሥራ አስኪያጁና ለሠራተኞቹ ይደርሳል፤ የሚጠረጠረው ሰው ገና ያልተያዘ ሰነድ እጁ ላይ እያለ ይነቃል። ጥርጣሬ ሲነሳ ወዲያው የሚነገረው ለኦዲት ክፍል ኃላፊው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይወቅ የሚለውን እሱ ይወስናል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማስታረቂያውን ፈርሞ ከሆነ መንገዱ በእሱ በኩል መሆን የለበትም።

ማንም ሳይጠየቅ በፊት ዋናዎቹ ሰነዶች፣ ማለትም የደረሰኝ ጥራዞች፣ ስሊፖች፣ የቼክ ጉርዶችና የቆጠራ ቅጾች፣ በርክክብ ቅጽ ተፈርሞባቸው ይወሰዱ። በዚያው ሰዓት ሳይታሰብ ካዝና ይቆጠር፤ ገንዘብ ያዡ ባለበት፣ ሦስተኛ ሰው እየታዘበ፣ በብር ዓይነት ተዘርዝሮ በሦስቱም ፊርማ። ቆጠራው ለነገ ከተባለ ጉድለቱ በብድር ተሞልቶ ሊጠብቅ ይችላል። ቀጥሎ ከፍተኛ ቀሪ ላለባቸው ደንበኞች የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይላካል፤ መልሱም ወደ ቅርንጫፉ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ኦዲት ክፍሉ እንዲመጣ አድራሻው ይጻፍበት። ደንበኛው "ከፍያለሁ" ብሎ የደረሰኙን ዋና ቅጂ ፎቶ አያይዞ ከላከ፣ ያ ቅጂ ጥራዙ ውስጥ ከቀረው ቀሪ ጋር በቁጥር፣ በቀንና በመጠን ይመሳከራል። ዋናው 80,000፣ ቀሪው 8,000 የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ደግሞ ከማስታረቂያው ፈጽሞ አይታይም፤ ሌጀሩም ባንኩም 8,000 ብለው ይስማማሉና።